ሚዛን ከሌለ የልጁን ኪሎ በዕድሜ እንገምት ወይስ በቁመት?

ጠያቂ፦ ባህር ዳር ዙሪያ ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። የድንገተኛ ክፍሉ ሚዛን ከተበላሸ ቆይቷል። ግድግዳው ላይ «ዕድሜ ሲደመር 4፣ ሲባዛ በ2» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ግማሾቻችን ይነሳና በሜትር እንለካ እንላለን። ግማሾቹ ሜትር ፍለጋ ጊዜ ማባከን ነው ይላሉ። እናንተስ?

ጣና ዳር፦ ወረቀቱ ይቆይ። አምቡላንስ ላይ ሠርቻለሁ። ልጅ እያንቀጠቀጠው ማን ሜትር ይዘረጋል? እናትየዋን «ስንት ዓመቱ ነው?» ትላለህ፣ አለቀ። 4 ዓመት ከሆነ 16 ኪሎ። ሂሳቡ ለልጅም አይከብድም።

ሲስተር ከድንገተኛ፦ ሂሳቡ ቀላል መሆኑን ማን ካደ? ችግሩ መልሱ ነው። 16 ኪሎ በደንብ ያደገ የ4 ዓመት ልጅ ኪሎ ነው። የእኛ ልጆች ግን ብዙዎቹ ቀንጭረዋል። በ2019 እ.ኤ.አ. የተሠራው አገር አቀፍ የሕዝብና ጤና ጥናት አማራ ክልል ላይ ከ5 ዓመት በታች ካሉ 10 ልጆች 4ቱ ቀንጭረው አግኝቷል። ስለዚህ ቀመሩ እዚህ ሲሳሳት በአብዛኛው ወደ ላይ ነው የሚሳሳተው።

አንድ ከፎገራ በኩል የመጣ ልጅ ልንገራችሁ። ትኩሳትና መንቀጥቀጥ፣ ወባ ተጠርጥሮ። «ለጥምቀት አራት ይሞላዋል» አለች እናቱ። በቀመሩ 16 ኪሎ ነው። በሜትር ስንለካው ቁመቱ 93 ሳንቲሜትር ወጣ። ለዚህ ቁመት መካከለኛው ኪሎ 13 ተኩል ገደማ ነው። ልጁ ደግሞ የጎድን አጥንቱ ይቆጠር ነበር፣ ስለዚህ 12 ተኩል ያዝን። በማግስቱ ዋርድ ሲመዘን 12.4 ሆኖ ተገኘ።

አሁን መንቀጥቀጥ ማቆሚያውን ዲያዜፓም አስሉት። በፊንጢጣ ሲሰጥ በኪሎ 0.5 ሚሊግራም ነው። አምፑሉ 10 ሚሊግራም በ2 ሚሊ ስለሆነ በኪሎ 0.1 ሚሊ ይመጣል። በ16 ኪሎ 1.6 ሚሊ፣ በ12 ተኩል 1.25 ሚሊ። መንቀጥቀጡ አልቆም ብሎ ሁለተኛ ዶዝ ከተጨመረ 3.2 እና 2.5 ይሆናል። ያ ትርፍ ነው ትንፋሽ የሚያደክመው። በእጅ እየተጨመቀ ትንፋሽ የሚሰጠው አምቡባግ አጠገባችሁ ከሌለ ጉድ ነው።

ጣና ዳር፦ እሺ ሲስተር፣ ግን እያንቀጠቀጠው ያለን ልጅ እንዴት አድርገሽ ለካሽው?

ሲስተር ከድንገተኛ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያውን ዶዝ እናቱ ባሳየችን የጤና ካርድ ላይ ባለው ኪሎ ሰጠን። ካርዱን ከነጠላዋ ጫፍ ፈታ አወጣችው። ከሦስት ወር በፊት ጤና ኤክስቴንሽኗ በተንጠልጣይ ሚዛን 12 ኪሎ ብላ ጽፋለች። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በሦስት ወር ቢጨምር ግማሽ ኪሎ ነው። ሜትሩ የመጣው መንቀጥቀጡ ከቆመ በኋላ ነው።

የእናት ልጅ፦ እኔ ደግሞ የ3 ዓመት ልጄ 11 ኪሎ ናት። ታዲያ እሷም ቀንጭራለች ማለት ነው? አጃ ላብዛላት?

ሲስተር ከድንገተኛ፦ እህቴ፣ እዚህ የምናወራው መድኃኒት ለመስጠት ኪሎ ስለመገመት ነው። መቀንጨር ደግሞ የሚታወቀው በቁመት ነው። ያንቺን ልጅ ጤና ኤክስቴንሽን ዘንድ ውሰጃትና ቁመቷም ኪሎዋም ይለካ።

ባጃጅ 7፦ ሰው የሌለ ሚዛን ላይ ሲከራከር! ዓሣ ገበያ ሂዱ፣ ባለ መንጠቆው ሚዛን ሞልቷል። 😂

ተመራቂ፦ ከዕድሜም ከቁመትም የሚሻል አለ። የምግብ እጥረት የምንለይበት የክንድ መለኪያ በየጤና ኬላው አለ። የክንዱ ዙሪያ በሳንቲሜትር ሲቀነስ 10፣ ሲባዛ በ3። ክንዱ 14 ከሆነ 12 ኪሎ። በቃ።

ሲስተር ከድንገተኛ፦ ግማሹ ትክክል ነው። ቀመሩ አለ፣ ሆንግ ኮንግ ልጆች ላይ የተሠራ ነው። የሚያምርለት ትምህርት ቤት የደረሰ ልጅ ላይ ነው። ትንሽና ከሲታ ልጅ ላይ ሞክረውማ። ክንዱ 11 ተኩል የሆነ የ2 ዓመት ልጅ 4 ኪሎ ተኩል ነው ይልሃል። የአራስ ኪሎ እኮ ነው! እሱን አምነህ ብታሰላ ደግሞ ከሚያስፈልገው ግማሽ ያህሉን ብቻ ሰጥተህ መንቀጥቀጡ ይቀጥላል።

ተመራቂ፦ እንደዚያ ቁጥር አስገብቼ አላየሁትም ነበር። ግን ለትልልቆቹ ይሠራል፣ አትጣዪው።

ሲስተር ከድንገተኛ፦ አልጣልኩትም። ለ8 ዓመት ልጅ እኔም እጠቀምበታለሁ።

ቀበሌ ነዋሪ፦ ዕድሜውስ ቢሆን ማን ያውቀዋል? ገጠር «ኮሮና በገባ ዓመት፣ ለክረምቱ» ነው የሚባለው። አንዷ ተወልዶ 3 ያልሞላውን 4 ብላ ስትነግርህ ሂሳቡ ከሁለት ኪሎ በላይ ከፍ አለ ማለት ነው። በሌላ በኩል ከተማ ውስጥ ኬክና ለስላሳ የለመዱ ልጆች አሉ። ለነሱ ደግሞ 16 ያንሳል።

ጣና ዳር፦ ያው ነው የምለው! ለከተማው ልጅ ያንሳል፣ ለገጠሩ ይበዛል፣ መሀል ላይ ይገናኛል።

ሲስተር ከድንገተኛ፦ ወንድሜ፣ አልጋው ላይ የተኛው አንድ ልጅ እንጂ መሀሉ አይደለም።

ፋርማሲስት፦ እኔ እንደምረዳው ጥያቄው «የትኛው ቀመር» ብቻ አይደለም፣ «ለየትኛው መድኃኒት» ጭምር ነው። 10 ፐርሰንት ግሉኮስ በኪሎ 5 ሚሊ ነው። 80 ሰጠህ 62፣ ስኳሩ ለወረደ ልጅ ብዙ አያስጨንቅም። ዲያዜፓም ላይ ግን ያስጨንቃል። በጣም ለከሳ ልጅ በጥድፊያ የሚገባ ፈሳሽም እንደዚሁ፣ ልቡ አይችለውም። ለእነዚህ ሁለቱ ከግምቶቹ ዝቅተኛውን ይዞ መጀመር ይሻላል። ዲያዜፓም ካነሰ ይጨመራል፣ ከገባ በኋላ ግን አይመለስም።

ጠያቂ፦ ሜትሩስ ከየት ይምጣ? ያ ባለ ቀለሙ የፈረንጅ ሜትር በገበያ የለም።

ሲስተር ከድንገተኛ፦ ብሮስሎ የሚባለውን ነው? አሜሪካ ውስጥ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠራ ነው። ቁመትን ብቻ ስለሚያይ ከሲታ ልጅ ላይ እሱም ከፍ ያደርጋል። አንቺ የልብስ ሰፊ ሜትር ግዢ። ሠንጠረዡን ደግሞ ከምግብ እጥረት ክፍላችሁ ፎቶ ኮፒ አድርጊ። ክብደት ለቁመት የሚለው እዚያው ተለጥፎ አለ።

ስትለኪ ልጁን በጀርባው አስተኚ። ጉልበቱን ጫን ብለሽ ዘርጊው። ከራሱ ጫፍ እስከ ተረከዙ ነው፣ እስከ ጣቱ አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። እግሩ ቁልቁል ሲዘረጋ ጣቱ ብዙ ሳንቲሜትር ይጨምራል፣ ኪሎውም አብሮ ይጨምራል። ከዚያ ልጁን እይው። ከሲታ ከሆነ በሠንጠረዡ ላይ ከመካከለኛው ኪሎ አንድ ዓምድ ዝቅ በይ።

ፋርማሲስት፦ አንድ ነገር ልጨምር። ካርዱ ላይ ስትጽፉ «12.5 ኪሎ፣ ግምት» በሉ። «ግምት» ካልተባለ ዋርድ ላይ እውነተኛ ሚዛን መስሏቸው ይገለብጡታል። ጄንታማይሲን በየቀኑ በዚያ ኪሎ ሲታዘዝ አይቻለሁ። ሚዛን ያለበት ቦታ ከደረሰ ዳግም ይመዘን።

ጣና ዳር፦ ይህኛው ገብቶኛል። ወረቀቱ ግን አይነሳ። ሌሊት እናት ያልመጣችበት፣ ካርድ የሌለው፣ ሜትሩም የጠፋበት ቀን አለ።

ሲስተር ከድንገተኛ፦ ከቆየም ከሥሩ «ከሲታ ልጅ ላይ ይበዛል» ተብሎ በቀይ ይጻፍበት። እኔ ግን ይነሳ ባይ ነኝ። ቀላሉ ነገር ግድግዳ ላይ ካለ ሜትሩን ማንም አያነሳውም።

ቀበሌ ነዋሪ፦ እግሩ የማይዘረጋ ልጅስ? ጎረቤታችን አንድ አለ፣ ጉልበቱ ከታጠፈ ቆይቷል።

ሲስተር ከድንገተኛ፦ ለእሱ ሜትሩ አይሆንም። የላይኛውን ክንድ ርዝመትና ዙሪያ ለክተው ለየልኬቱ የተሰጠውን ኪሎ ደምረው የሚገምቱበት ሠንጠረዥ አለ፣ እኛ ጋ ግን አልተለጠፈም። እናቱ በየቀኑ ታዝለዋለች። እሷን ነው የምጠይቀው።