ለጋራ ፕሮፖዛሉ፦ የሦስቱ ኩሬዎች የዓሣ ጫጩት ቁጥር ይታረም

ጸሐፊዋ (ድሬዳዋ)
ሰላም ናችሁ? የፕሮፖዛሉ ረቂቅ ላይ ለሦስቱ ኩሬዎች 1,783 የቆሮሶ ጫጩት ተብሎ ተጽፏል። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ መልካ ጀብዱ 748፣ ቢዮ አዋሌ 336፣ ኤረር 402። ድምሩ 1,486 ሲሆን፣ ለሞት ተብሎ 20 በመቶ ተጨምሮበታል። ሁሉም በካሬ ሜትር 2 ጫጩት በሚል ነው የተሰላው። ከመፈረማችን በፊት ልኩን የምታውቁ እዩትና አስተያየት ስጡ።

የመልካ ጀብዱው
የእኛው ቁጥር ከየት እንደመጣ ገብቶኛል። 22 በ17 ተባዝቶ 374 ካሬ ወጥቷል። ግን 22 በ17 እኮ የተቆፈረው አፍ ነው እንጂ ውሃው የሚተኛበት አይደለም። ውሃው ከአፉ 50 ሳንቲ ዝቅ ብሎ ይቆማል፤ ለጎርፍና ለማዕበል የተተወ ነው። ግድግዳችን ደግሞ 1 ሜትር በወረደ ቁጥር 2 ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ 50 ሳንቲ ሲወርድ በእያንዳንዱ ጎን 1 ሜትር እናጣለን። ሁለት ጎን ነውና ከርዝመቱም ከስፋቱም 2 ሜትር ይቀነስ፤ ውሃው 20 በ15፣ 300 ካሬ ይሆናል። ጫጩቱ 600 ነው። 148 ጫጩት የተመደበው ለደረቅ ግድግዳ ነበር ማለት ነው።

ኩሬው ውሃ ከያዘ ይህ ሁሉ ስሌት አያስፈልግም። ሁለት ሰው ሜትሩን ይዞ በውሃው ጠርዝ ላይ ይለካ። ሂሳቡ ገና ላልሞላ ኩሬ ነው።

የኤረሩ
የእኛስ? ክብ የሲሚንቶ ገንዳ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር 8 ሜትር። 8 በ8 በ3.14 ብዬ 201 አገኘሁ፣ 402 ጫጩት። እንዲያውም ጥልቀቱ 1.5 ሜትር ስለሆነ ከዚያም ቢጨመር ይችላል ባይ ነኝ።

የመልካ ጀብዱው
ጋሼ፣ በ3.14 የሚባዛው ከመሃል እስከ ዳር ያለው ነው፤ 4 በ4 በ3.14። 50 ካሬ ይመጣል፣ ጫጩቱ 100። በሙሉ ስፋቱ ስላባዙት ልክ አራት እጥፍ ሆነብዎት።

የኤረሩ
አቦ፣ መቶ ብቻ?! ጥልቀቱስ ምን ሊሠራ ነው ታዲያ?

በዓሣ ሥራ የቆየው አባል
ጥልቀቱ ዓሣውን ከሙቀትና ከወፍ ይሸሽገዋል፤ የሚመግበውና የሚያስተነፍሰው ግን የላዩ ፊት ነው። አየር መንፊያ ሞተር በሌለበት ኩሬ ኦክስጅን የሚገባው ከላይ ነው፤ የቀረውን ኦክስጅን ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው አልጌ ይሠራዋል፣ እሱም ፀሐይ የሚደርስበት ድረስ ብቻ። ደህና ለምቶ አረንጓዴ በሆነ ኩሬ ክንዳችሁን እስከ ክርናችሁ ብትነክሩ መዳፋችሁ አይታያችሁም። ከዚያ በታች ያለው ውሃ ጨለማ ነው። ሌሊት አልጌውም እንደ ዓሣው ኦክስጅን ይጠቀማል፤ የድሬ ሙቅ ውሃ ደግሞ ሲጀመርም የሚይዘው ኦክስጅን ጥቂት ነው። 402 ዓሣ በዚያ ገንዳ ውስጥ ለሁለት ወር ደህና ይመስላል፤ ትንሽ ናቸዋ። ሲያድጉ ነው ጣጣው። ጎህ ሲቀድ ሄዳችሁ ዓሦቹ ሁሉ ላይ ተንሳፍፈው አፋቸውን ከፍተው አየር ሲጎርሱ ካያችሁ፣ ፀሐይ ወጥታም ትንሽ ቆይተው ወደ ታች ከተመለሱ፣ ነገሩ በሽታ አይደለም፤ ቁጥሩ ወይም ምግቡ በዝቷል ማለት ነው።

የኤረሩን 100 ብላችሁ ጻፉ። በየቀኑ ውሃ የሚያፈሱና የሚተኩ ከሆነ ሌላ ነገር ነው፤ ያኔ እንነጋገራለን።

የቢዮ አዋሌዋ
እኛጋ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ጂኦሜምብሬን የተነጠፈበት፣ የክረምት ጎርፍ የሚያቁር ኩሬ ነው፤ አፉ 14 በ12። ግድግዳው 1 ሜትር ሲወርድ 1 ሜትር ነው የሚገባው። ሲሞላ ውሃው ከአፉ 50 ሳንቲ ወርዶ 13 በ11፣ 143 ካሬ ነው። 286 ጫጩት ብለን እናርመው ብዬ ነበር። ነገር ግን መስከረም ላይ ጫጩት አስገብተን ከዚያ እስከ የካቲት አትክልቱን የምናጠጣው ከዚሁ ነው። የካቲት ላይ ውሃው ከአፉ 2 ሜትር ይወርዳል።

በዓሣ ሥራ የቆየው አባል
ደህና አነሳሽው እህቴ። 2 ሜትር ሲወርድ በየጎኑ 2 ሜትር ይገባል፤ 10 በ8፣ 80 ካሬ ይቀራችኋል። ዓሣው ትልቅ የሚሆነው ደግሞ ውሃው በሚያንስበት ወር ነው። ሁለቱ እኩል ይገጥማሉ፤ ክፋቱ እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ በትንሹ ውሃ አስሉት፤ 160 ጫጩት። ከታች የሚቀረው ውሃም ከ1 ሜትር እንዳያንስ ግድግዳው ላይ በቀለም ምልክት አድርጉና ከዚያ በታች አትሳቡ።

የቢዮ አዋሌዋ
160 ካስገባን ግን መስከረምና ጥቅምት ግማሹ ውሃ ሥራ ፈት ሊሆን ነው። 286 አስገብተን ታኅሣሥ ላይ ትልልቁን በመረብ ብናወጣስ?

በዓሣ ሥራ የቆየው አባል
ይቻላል፣ ግን ታኅሣሥ ላይ ገና ሳህን የማይሞላ ዓሣ ነው የሚሆነው። ገዥ ካላችሁ ይሁን። እኔ ፕሮፖዛል ላይ አልጽፈውም።

ጸሐፊዋ
የ20 በመቶውስ? እኔ ነኝ የጨመርኩት፤ ጫጩት ይሞታል ብዬ።

የመልካ ጀብዱው
መሞቱስ ይሞታል። ግን በካሬ 2 የሚባለው ውሃ ውስጥ በሚገባበት ቀን ያለው ቁጥር ነው፤ በኋላ የሚሞተው ታስቦበታል። ሁለቴ ነው የቆጠርሽው።

በዓሣ ሥራ የቆየው አባል
ልክ ነው፣ ግን በጉዞ ከረጢት ውስጥ የሚሞተውን እሱ ረሳው። 5 በመቶ ለጉዞ ብቻ ጨምሩ። 600፣ 160 እና 100 ድምራቸው 860 ነው፤ ከጉዞው ጋር 903። የተረፈው ጫጩት «ከመጣ አይቀር» ተብሎ ኩሬ ውስጥ አይደፋ፤ በመልካ ጀብዱ መረብ ከልላችሁ አቆዩት፣ በመጀመሪያው ሳምንት የሞተውን ተኩበት።

ርክክቡ ላይም በአይን ግምት አትቀበሉ። አንድ መቶ ጫጩት ቆጥራችሁ ውሃ ባለበት ባልዲ መዝኑ፣ የባልዲውንና የውሃውን ቀንሱ። መቶው 500 ግራም ከመጣ 903ቱ 4.5 ኪሎ ያህል ይሆናል። መቶዎቹን ግን ከላይ ብቻ አትቅዱ፤ ትልልቁና ደካማው እኩል ቦታ አይቆምም።

ሌላው፣ ጫጩቱ ወንድ ብቻ መሆኑን በጽሑፍ ጠይቁ። ወንድና ሴት ከተቀላቀለ በጥቂት ወር ይራባል፤ ያኔ የጻፍነው 600 ስንት ሺህ እንደሚሆን ማን ያውቃል።

የመልካ ጀብዱው
አንድ ነገር ልጨምር። እኛ የጉድጓድ ውሃ አለን፣ አይወርድብንም። በካሬ 3 ብንል፣ 900 ማለት ነው፣ ምን ይላችኋል?

በዓሣ ሥራ የቆየው አባል
መጀመሪያ መኖውን አስላው። ከ600ው 85 በመቶው ቢተርፍ 510 ነው፤ እያንዳንዱ 200 ግራም ሲደርስ 102 ኪሎ ዓሣ። በቀን የክብደቱን 3 በመቶ ብትመግብ መጨረሻ አካባቢ ወደ 3 ኪሎ መኖ ነው። በ900 ከሆነ 153 ኪሎ ዓሣ፣ በቀን 4.6 ኪሎ። በፉርሽካና በፋጉሎ ይህን በየቀኑ፣ ሳታቋርጥ ታቀርባለህ? ካቋረጥክ 900ውም እንደ ጣት ሆነው ይቀራሉ፤ 600ው በተሻለ ይሸጥልሃል።

የመልካ ጀብዱው
ፉርሽካው ከወፍጮ ቤት አይጠፋም። ፋጉሎው ነው የሚያስጨንቀኝ።

የኤረሩ
የእኔን 100 ተቀብያለሁ። ግን አምባዛ ቢገባበትስ? እሱ አየር ከላይ ይተነፍሳል ይባላል።

በዓሣ ሥራ የቆየው አባል
ይተነፍሳል፣ እውነት ነው። ግን ከቆሮሶው ጫጩት ጋር እኩል ካስገቡት ቁርስ ያደርገዋል። ለዚህ ዙር ይቅር፤ ቆሮሶው ካደገ በኋላ ትንንሽ አምባዛ ማስገባቱን እንየው።

ጸሐፊዋ
እሺ። ረቂቁን 903 ብዬ አርሜዋለሁ፤ መልካ ጀብዱ 600፣ ቢዮ አዋሌ 160፣ ኤረር 100፣ ለጉዞ 43። የመልካ ጀብዱውን 3 በካሬ የሚለውን የፋጉሎ ዋጋ እስኪመጣልኝ በእርሳስ ነው የያዝኩት። ቢዮ አዋሌዎች የታኅሣሡን ነገር ገዥ አነጋግራችሁ እስከ ሐሙስ ንገሩኝ።