የአዲስ አበባ የዝናብ ግራፍ ድምሩ አልገጥም አለኝ

ሂሩት (ጠያቂ)
ጤና ይስጥልኝ። የ11ኛ ክፍል ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ላይ የአዲስ አበባን የአየር ንብረት ግራፍ በስልኩ አንስቶ ላከልኝ። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው፣ የቀኙ የላይ ጥግ ተቆርጧል። ሁለት መስመሮች አሉ፣ የቱ ምን እንደሆነ የሚናገር መግለጫ የለም። በግራ 10፣ 20፣ 30 እያለ ይወጣል፤ በቀኝ ደግሞ 20፣ 40 እያለ 100 ይደርስና ይቆረጣል። ቀጣዩን 120 ብዬ ወሰድኩት። በዚያ ስሌት ሐምሌ 118፣ ነሐሴ 119 ሚሊ ሜትር ሆነ። የ12ቱን ወር ስደምር 754 መጣ። ከግራፉ በላይ ግን 1165 ተጽፏል። የት ነው የሳትኩት?

ዳዊት ባሕር ዳር
መምህርት፣ መጀመሪያ መስመሮቹን ለይ። ጠፍጣፋ ሆኖ የሚሄደው ሙቀት ነው። አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ 16 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነች ብዙ ከፍና ዝቅ አይልም። ክረምት ላይ እንደ ተራራ የሚቆመው ዝናቡ ነው። ሙቀቱን በግራ፣ ዝናቡን በቀኝ ታነቢያለሽ። ስሕተቱ ከፎቶው ነው የሚመስለኝ። መጽሐፍ ሲገለጥ መሃሉ ይጎብጣል፣ ስልኩም ዘንበል ብሎ ከሆነ ያነሰውን ታነቢያለሽ። ፎቶውን አቅኚና ድገሚው።

ሳሚ
ወራቱንስ አረጋግጠሻል? የእኛ አገር ግራፍ ከሆነ የመጀመሪያዋ ነጥብ መስከረም ናት ብዬ ነው የማስበው። እንደዚያ ከሆነ ሁሉም ይዛነፋል።

ሂሩት
ሳሚ፣ ከሥር የፈረንጅ ፊደል ነው ያለው፤ J ብሎ ይጀምርና D ላይ ያልቃል። ሐምሌና ነሐሴ ያልኩት ጁላይና ኦገስትን ነው። ትልቁ 8ኛው ነጥብ ላይ ነው። ከመስከረም ብንቆጥር 8ኛው ሚያዝያ ይሆናል፤ ሚያዝያ ላይ እንደዚያ ዘንቦ አያውቅም 😄 ደግሞ ወር ቢሳሳትም ድምሩ አይለወጥም።

የአቤል እናት
እኔ ደግሞ የልጄን የክብደት ካርድ አንስቼ ቤት ስመለከት ደንግጬ ነበር። ከሥር ያለው ቁጥር 2 ሁለት ዓመት ይመስላል። ለካ «1 ዓመት» ካለው ቀጥሎ ያለው ትንሿ 2፣ ዓመቱ ካለፈ በኋላ ሁለት ወር ማለት ናት፣ 14 ወር። የልጄን ነጥብ የተሳሳተ ቦታ አስቀምጬ ሳለቅስ ነርሷ ናት ያሳየችኝ። እንዲያው ትዝ ብሎኝ ነው።

ጋሽ መኮንን
ልጄ ሂሩት፣ ንባብሽ ደህና ነው። የሳትሽው ያቺ የተቆረጠች ጥግ ላይ ነው። እኔ ስሠራ ከኖርኩበት የግብርና ሥራ ይህን ግራፍ በደንብ አውቀዋለሁ። የዋልተርና ሊት የሚባለው ነው፤ ሁለት ጀርመናውያን በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ዓለምን በሙሉ በዚህ መልክ ሥለውታል።

ምልክቶቹን እይ። በግራ 10 ካለ በቀኝ ትይዩው 20 ነው፣ 20 ካለ 40 ነው። ይህ ሆን ተብሎ ነው። የዝናቡ መስመር ከሙቀቱ በታች ከወረደ ወሩ ደረቅ ነው ተብሎ ይወሰዳል። ሌላው ምልክት ከ100 በላይ ያለው የተራራው ጫፍ ጥቅጥቅ ብሎ ጠቁሮ መሞላቱ ነው። በፎቶሽ ጠቁሮ ከታየ ነገሩ አለቀ።

ጥቁሩ ክፍል የራሱ ስኬል አለው። እስከ 100 ድረስ አንዱ እርከን 20 ሚሊ ነው። ከ100 በላይ ያው ቁመት 200 ሚሊ ይሆናል፣ ማለትም በአሥር እጥፍ ተጨምቋል። ያለዚያ የክረምቱ ዝናብ ከገጹ ይወጣ ነበር። ስለዚህ ከ100 ቀጥሎ የተቆረጠው ቁጥር 120 ሳይሆን 300 ነው።

ከ100 የተረፈውን ብቻ በአሥር አባዥው። ነሐሴ 119 ካልሽ ተራፊው 19 ነው፣ 190 ይሆናል፤ ነሐሴ 290 ነው። ጠቅላላውን 119 በአሥር እንዳታባዥ አደራ፣ ብዙ ሰው እዚያ ላይ ይወድቃል።

ዳዊት፣ መስመሮቹን የለየህበት መንገድ ትክክል ነው። የፎቶ መንጋደድ ግን ጥቂት ሚሊ ያዛባ ይሆናል እንጂ ከ1165 ላይ 411 አይበላም። ደግሞ ጉድለቱ ያለው ከ100 ባለፉት ወራት ብቻ ነው።

ሂሩት
ጋሽ መኮንን እግዜር ይስጥልኝ። አዎ፣ ጫፉ ጠቁሯል። እኔ የቀለም ማስዋቢያ መስሎኝ ነበር! ሠራሁት እንግዲህ። ከ100 ያለፉት አራት ናቸው፦ ጁን 104፣ ጁላይ 118፣ ኦገስት 119፣ ሴፕቴምበር 105። ተራፊዎቹ 4፣ 18፣ 19 እና 5 ናቸው፣ ድምራቸው 46። በአሥር ሲባዛ 460። የአራቱ መነሻ 400 ሲጨመር 860። የቀሩት ስምንት ወራት 308 ናቸው። ጠቅላላ 1168! ሦስቷ ብቻ ተረፈች።

ጋሽ መኮንን
ሦስቷን ተያት፣ የዓይንሽ ናት። ላይኛው ክፍል ላይ አንድ ሚሊ ብትስቺ አሥር ሚሊ ትሆናለች። ለዚህ ነው ነሐሴን «290 ገደማ» እንጂ «291» ማለት የማይቻለው። ለተማሪዎችሽም የላይኛውን ቁጥር እስከ አንድ ሚሊ ድረስ እንዲያነቡ አታስገድጃቸው።

ዳዊት ባሕር ዳር
ተማርኩ ጋሼ። እኔ ግን ሌላ ግራፍ አለኝ፤ ዝናቡ በባር፣ ሙቀቱ በመስመር ነው። እዚያም ከ100 በላይ ላባዛ?

ጋሽ መኮንን
አታባዛ። በባር የተሠራው ብዙውን ጊዜ ሌላ ዓይነት ነው፣ እርከኑ እስከ ላይ እኩል ነው። የቀኙን ቁጥሮች አንድ በአንድ ጣትህን እያስኬድክ እይ። በቀኝ 50፣ 100፣ 150 ካለ፣ ወይም በግራ 10 ሲል በቀኝ ትይዩው 20 ካልሆነ፣ የዋልተር አይደለም። ጥርጣሬ ከገባህ የሂሩትን አድርግ፦ ወራቱን ደምረህ ከላይ ከተጻፈው ዓመታዊ ድምር ጋር አስተያይ። ከላይ ካልተጻፈ ግን ጫፉ የተቆረጠ ፎቶ ላይ ቁጥር አትገምት፣ ሙሉውን ገጽ እንዲያነሱልህ ጠይቅ።

ስትለኩም ከስልኩ ስክሪን ጠርዝ አትነሱ። በግራ 50ን ከቀኝ 100 ጋር የሚያገናኝ መስመር አስምሩና ከእሱ ለኩ። ፎቶው ዘንበል ቢል እንኳ መስመሩ አብሮ ያዘነብላል።

ሂሩት
አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ከታችኛው መስመር ሥር፣ በኖቬምበርና ዲሴምበር ፊደሎች አካባቢ፣ ሰረዝ የበዛበት ትንሽ ሳጥን የመሰለ ነገር ይታየኛል። ከመጽሐፉ እጥፋት የመጣ ጥላ ይሆን?

ጋሽ መኮንን
በዚህ ግራፍ እዚያ ቦታ የሚገባ ሳጥን ውርጭ ሊኖርባቸው የሚችሉ ወራትን ያሳያል። በአዲስ አበባ በኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ አለ፣ ስለዚህ ያስኬዳል። ግን እጥፋቱም በቀኝ በኩል ከሆነ ጥላውም እዚያው ይወድቃል። ከፎቶ ይህን አልፈርድም። መጽሐፉ ራሱ ጋ ሂጂ።

ሂሩት
ሰኞ ቤተ መጻሕፍቱ ሲከፈት አየዋለሁ።