«ማን ሳቀ? እያለቀስኩ ነው እንጂ!» የሚለው ሚም ምኑ ነው የሚያስቀው?

ጥያቄ፦ ሰላም
ሚሙ የእናትና የልጅ መልእክት ነው። እናት «እትዬ ባዩሽ ዛሬ ጠዋት አረፉ 😂😂😂 ቶሎ ነይ» ትላለች። ልጅ «እማዬ፣ ምን ያስቃል?» እናት «ማን ሳቀ? እያለቀስኩ ነው እንጂ!» እኔ በሳቅ ፈርሼ ለእናቴ ባሳያት «ሰው ሞቶ ትስቃላችሁ?» ብላ ተቀየመችኝ። እንዴት ላስረዳት?

ናሆም
ቀላል ነው። ትልልቅ ሰዎች ስልክ አያውቁም፤ የሚያስቀው እሱ ነው።

የልጆች እናት
የእኔም ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ላይ ነው የሚያድረው። ማታ ማታ ተቀብለሽ ሳሎን አስቀምጪው፣ ሌላ መፍትሔ የለውም።

ቃልኪዳን
የልጆች እናት፣ ጥያቄው ስለ ሚሙ ነው። ናሆም፣ ግማሹን ይዘኸዋል። አለማወቅ ብቻውን አያስቅም፤ እናትየው ስልኩን መክፈት ቢያቅታት ማን ይስቃል? እዚህ የሚያስቀው እናትየው ባየችው ነገር ልክ መሆኗ ነው። 😂ን በትንሽ ስክሪን ተመልከተው፤ ዓይኑ ጨፍኗል፣ ግራና ቀኝ ትልልቅ እንባ ተንጠልጥሏል። እሷ እንባውን አየች፣ ልጅቷ የለመደችውን ሳቅ አነበበች፣ ሁለቱንም የምናየው እኛ ብቻ ነን። «ማን ሳቀ?» የምትለዋን መስመር ብታወጣት ቀልዱ ይሞታል፤ የቀረው ክፉ እናት ትሆናለች።

ሞቱም የገባው በምክንያት ነው። መርዶ እኛ ጋ ሰው ተሰብስቦ፣ ተጠንቅቆ የሚነገር ነገር ነው። ያ ክብደት ከሦስት ሳቂታ ፊት ጋር ሲጋጭ ነው ሳቁ የሚፈነዳው። እናትሽን ያስቀየማትም እሱው ነው፤ እሷ መርዶውን ነው ያነበበችው።

ስለዚህ ሰላምዬ፣ ማብራሪያውን ተዪና ገልብጠሽ አሳያት። ልጅ «ፈተናውን አለፍኩ 😭😭😭» ብላ ትልካለች። እናት «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ለሚቀጥለው ይሳካል» ትላለች። እዚህ የሞተ ሰው የለም፣ የተሳሳተችውም እናት አይደለችም፤ በ😭 የሚስቁትና የሚደሰቱት ወጣቶቹ ናቸው።

ናሆም
ልክ ነሽ፣ የ😭 ስሙ ራሱ Loudly Crying Face ነው። ግን 😂ም ስሙ Face with Tears of Joy ነው፤ ኦክስፎርድ በ2015 እ.ኤ.አ. የዓመቱ ቃል ብሎ የመረጠው እሱን ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ላይ እናትየው ተሳስታለች።

ቃልኪዳን
ስሙ ስክሪኑ ላይ አይጻፍም እኮ! ፊቱን ብቻ ያየ ሰው በምን ይወቅ?

ሰላም
አሳየኋት። በፈተናው «እኔም እንደዚያ ነበር የምመልሰው» ብላ ከት ብላ ሳቀች። የእትዬ ባዩሽን ግን አሁንም «በለቅሶ አይቀለድም» ብላለች።

የልጆች እናት
እኔም ከእሷ ጋር ነኝ።