ኪቦርዱ በራሱ ያርምልን ወይስ አይንካብን?

የዕድር ጸሐፊ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከአባላት በስልክና በኮምፒውተር ተጽፈው የሚደርሱኝ ማመልከቻዎች ፊደል የተደጋገመባቸው፣ ራብዑ ሳድስ፣ ሳድሱ ሣልስ የሆነባቸው ናቸው። ኪቦርዱ ድግሙን በራሱ ቢያጠፋ፣ የተሳተውንም በራሱ ቢያስተካክል ምን አለበት? ይሁን ወይስ አይሁን?

ሚኪ፦ ይሁን እንጂ! እንግሊዝኛ ስንጽፍ ስልኩ ያርምልን የለ? የኛ ደግሞ ይቀላል። አማርኛ ቢጠብቅም ቢላላም የሚጻፈው አንድ ፊደል ነው። «ዋና» ስንል ና ጠበቀ ላላ፣ ጽሑፉ ያው ነው። ስለዚህ አንድ ዓይነት ፊደል ጎን ለጎን ሁለት ከመጣ ስህተት ነው። ያጥፋው፣ አለቀ።

አራሚዋ፦ ሚኪዬ፣ ግማሹ ልክ ነው። ጥብቀትን በድግም ፊደል አንጽፍም። ግን «ከከተማ መጣ» ለማለት ሁለቱም ከ ያስፈልጉሃል። «በበዓሉ ዋዜማ»፣ «የየራሳቸው»፣ «ጠጠር»፣ «ስስ»፣ «ተስማማ» ሁሉም ትክክለኛ ድግም ናቸው። ማተሚያ ቤት ስሠራ ብዙ ዓመቴ ነው፤ የሚያስፈራኝ የሚታየው ስህተት አይደለም። የዕድሩ ጸሐፊ «ለለቅሶ የተከፈለ» ብለው ጻፉ እንበል። ያንተ ኪቦርድ አንዱን ለ ይበላና «ለቅሶ የተከፈለ» ያደርገዋል። «ለቅሶ» የታወቀ ቃል ነውና ከዚያ በኋላ ማንም አያየውም። «ለለለቅሶ» ቢል ግን ሁሉም ያየው ነበር።

መምህር፦ ችግሩ ከሥሩ ነው ልጆች። ሀ፣ ሐ፣ ኀ ምን ያደርጉልናል? ሰ እና ሠስ? ሞክሼዎቹ ይቀነሱ፣ ስህተቱም አብሮ ይቀንሳል።

አራሚዋ፦ መምህር፣ እሱ ትልቅ ክርክር ነው፤ ራሱን ችሎ ቢነሳ ደስ ይለኛል። እዚህ የተጠየቀው ግን ስለ ድግምና ስለ ፊደል እርባታ ነው። ከሞክሼዎቹ አንዱ ብቻ ቢቀር እንኳ ከ ሁለቴ መመታቱ አይቀርም።

ኮድ ጻፊው፦ ከመከራከራችን በፊት ድግሙ ከየት እንደሚመጣ እንለይ። ሦስት ምንጭ አለው፤ መልኩም ይለያያል።

አንደኛው የጣት ነው። ቁልፉ ሁለቴ ይመታል ወይም ይጣበቃል። ያው ፊደል እንዳለ ይደገማል፣ ደግሞም አልፎ አልፎ ነው። ሁለተኛው የሶፍትዌር ነው። በላቲን ቁልፍ የሚጻፈው ኪቦርድ `s` ሲነካ ስ ያወጣል። `e` ሲከተል ስን አጥፍቶ በቦታው ሰ ይተካል። አንዳንድ ፕሮግራም ውስጥ ማጥፋቱ ሳይሠራ ይቀርና ሁለቱም ይቀራሉ። «ሰላም» ያኔ «ስሰልላም» ሆኖ ይወጣል። ከእያንዳንዱ ፊደል በፊት የራሱ ሳድስ ተቀምጦ ካያችሁ ጻፊውን አትውቀሱ። ፕሮግራሙ ነው።

ሦስተኛው ልማድ ነው። ቻት ላይ አማርኛን በላቲን መጻፍ የለመደ ሰው፣ የሚጠብቀውን ድምፅ በሁለት ፊደል ይጽፋል። የዕድሩ ጸሐፊ፣ «ቢርር» የሚል አልገጠመዎትም?

የዕድር ጸሐፊ፦ እንዴት አወቅክ? «500 ቢርር ከፍያለሁ» የሚል ፊቴ ተቀምጧል።

ኮድ ጻፊው፦ ሰውየው ብር ኖት ላይ እንደሚያየው ጻፈው። ኪቦርዱ ግን እያንዳንዷን ቁልፍ ይቆጥራል፦

```
br    → ብር
bir   → ቢር
birr  → ቢርር
```

ሳድስ በዚህ ኪቦርድ አናባቢ አይፈልግም፣ ተነባቢው ብቻውን ሳድስ ነው። `i` ሣልስ ናት። «ስራ» ለማለት `sira` የሚል ሰው «ሲራ» ያገኛል፤ «ይህ» ለማለት `yih` የሚል «ዪህ»። አንዷ ቃል ላይ እርባታውም ድግሙም አብረው ተሳቱ፣ ምንጩ ግን አንድ ልማድ ነው።

ሚኪ፦ እንግዲያው ኪቦርዱ `bir` ሲያይ ብር ይበል! ምን ይከብዳል?

ኮድ ጻፊው፦ `bira` የሚጽፈውስ? ቢራ እንዴት ይወጣለታል? «ቢሮ»፣ «ቢላ»፣ «ቢመጣ»... ቢን ከኪቦርዱ ላይ ልታጠፋው ነው።

ከጅዳ፦ ስለ ስም ማንም አላነሳም። የወንድሜ ስም ተስፋዬ ነው። አንድ ቢሮ «ጠስፋየ» ብለው አተሙለትና ለማስተካከል ስንት ተመላለሰ። የሰው ስም የሚያርም ኪቦርድ ቢኖር እኔ ቀድሜ ነበር የምጭነው።

ኮድ ጻፊው፦ አይዞሽ እህቴ። የሆነው ይመስለኛል ይሄ ነው። እንግሊዝኛ ላይ ስም በትልቅ ፊደል ይጀመራል። እዚህ ግን ትልቁ `T` ጠ ነው፣ ትንሹ `t` ተ። `Tesfaye` ብሎ የመታ ሰው ጠስፋየ ያገኛል። መጨረሻዋም ኃምስ ስለሆነች `E` ትፈልጋለች፤ `tesfayE` ነው መባል የነበረበት። ኪቦርዱ ያዘዙትን አደረገ።

አራሚዋ፦ ደግሞም ስም በመሣሪያ ይታረም ካልን የባሰ ይመጣል። ያልተለመደ ስም ያለው ሰው ሁሉ ወደ ታወቀ ስም ይቀየርበታል። ስም ባለቤቱ ራሱ አይቶ ነው መጽደቅ ያለበት።

ከጅዳ፦ እሺ፣ ግን ለወንድሜ ማን አሳየው? ታትሞ ነው የሰጡት።

አራሚዋ፦ ልክ ነሽ። ከመታተሙ በፊት ማሳየት የነሱ ግዴታ ነበር።

ወደ እርባታ ልመለስ፤ ከድግም ይልቅ የምፈራው እሱን ነው። «ልጄ»፣ «ልጁ»፣ «ልጇ» ሁሉም ትክክል ናቸው። የኪራይ ውል ላይ «ይክፈል» እና «ይከፈል» በአንዲት ፊደል ነው የሚለያዩት። አንዱ ራሱ ይስጥ ነው፣ ሌላው ይሰጠው ነው። «ተከራዩ 3 ወር ቀድሞ ይክፈል» የሚለው «ይከፈል» ቢሆን ገንዘቡ አቅጣጫ ቀየረ ማለት ነው። ሁለቱም መዝገበ ቃላት ውስጥ ያሉ ናቸው፤ የትኛው እንደተፈለገ ማሽኑ በምን ያውቃል?

ሚኪ፦ እሺ አያጥፋ፣ አያርም። በቀይ ያስምርበትና ሰውየው ይወስን። ይሄም ይከለከል?

ኮድ ጻፊው፦ በዚህ እስማማለሁ። አሁንም ቢሆን በዚህ ዓይነት ፍለጋ ድግሙን ማግኘት ይቻላል፦

```
([ሀ-ፚ])\1
```

አንድ ፊደል እንዳለ ሁለቴ የመጣበትን ሁሉ ያሳያል፤ «ቢርር»ንም «ከከተማ»ንም። የሚለየው ሰው ነው። «ስሰልላም»ን ግን አይዝም። ስ እና ሰ ለኮምፒውተር ሁለት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው፣ ቤተሰብ መሆናቸውን አያውቅም።

የስልኩም ጉዳይ አለ። በብዙ የስልክ ኪቦርድ መጀመሪያ የሚወጣው ግዕዙ ነው። እርባታውን ያልነካ ሰው «ሰለመ» ይጽፋል። ኮምፒውተር ላይ ግን አናባቢ የረሳ «ስልም» ነው የሚጽፈው። በምን እንደተጻፈ ከስህተቱ ታውቃላችሁ።

ሚኪ፦ የኔ አባት ስልክ ላይ ቀይ መስመር ቢያይ ስልኩ ተበላሸ ነው የሚለው። ለእሱስ? እሱ የጻፈውን ማን ያይለታል?

አራሚዋ፦ አባትህ «ሰለመ» ብሎ ቢልክልህ ገብቶህ ትመልስለታለህ። የዕድሩ ደብዳቤ ግን ማኅተም ያርፍበታል።

ሚኪ፦ አባቴም እኮ የዕድሩ አባል ነው። ማመልከቻ ያስገባል። «500 ቢርር» ያለውም ሰው እንደሱ ያለ ይሆናል።

የዕድር ጸሐፊ፦ ይሄን ያህል ይወጣዋል አላልኩም ነበር። በራሱ ያጥፋ የሚለውን ትቼዋለሁ፤ ለለቅሶ የምንከፍለው ብዙ ነው። በቀይ ማስመሩ ላይ ግን ሚኪ ያነሳው አልተመለሰም። እስከዚያ «ቢርር»ን ባለቤቱ ጋ ደውዬ ነው የማስተካክለው።