ኢንትሮፒን ከቀመሮቹ መካከል አውጥቶ ማየት፦ እነዚህን ስላይዶች በምን ዓይን ላንብባቸው?

ጥያቄ (የሜካኒካል ተማሪ)

ሰላም ለሁላችሁ። የሦስተኛ ዓመት የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ስለ ሁለተኛው የቴርሞዳይናሚክስ ሕግ የተሰጠን ስላይድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቀመር ብቻ ነው። መጀመሪያ dS = δQ_rev/T ይላል፤ ቀጥሎ ∮ δQ/T ≤ 0 ይመጣል፤ በመጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ S = k ln W ያለ ምንም ማብራሪያ ተቀምጧል። ስሌቱን ደረጃ በደረጃ መከተል አላቃተኝም። ነገር ግን ሙቀቱ ለምን በ T እንደሚካፈል፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቀመርም እንዴት ስለ አንድ ነገር ሊናገሩ እንደቻሉ በዓይነ ሕሊናዬ ሊታየኝ አልቻለም። በቀላሉ የሚያስረዳኝ ካለ አመሰግናለሁ።

የኬሚስትሪ መምህርት

እኔ ሁለተኛ ደረጃ ስለማስተምር ነገሩን በአጭሩ ነው የምገልጸው። ኢንትሮፒ የዝብርቅርቅነት መለኪያ ነው። በጠጣር ውስጥ ቅንጣቶቹ በተራ ተሰልፈው ይቆማሉ፣ በፈሳሽ ውስጥ ይንሸራተታሉ፣ በጋዝ ውስጥ ደግሞ በየአቅጣጫው ይበተናሉ፤ ኢንትሮፒውም በዚሁ ቅደም ተከተል ይጨምራል። ሁለተኛው ሕግ የሚለው ማንኛውም ነገር ለራሱ ከተተወ ወደ ዝብርቅርቅነት ይሄዳል ነው። ይህን ከያዙ ቀመሮቹ የፈተና ጉዳይ ብቻ ይሆናሉ።

የፊዚክስ ተመራማሪ

መምህርቷ ስለ ጠጣር፣ ፈሳሽና ጋዝ ያሉት ትክክል ነው። «ማንኛውም ነገር ወደ ዝብርቅርቅነት ይሄዳል» የሚለው ግን አያስኬድም፤ ምክንያቱም ፍሪዘር ውስጥ የገባ ውኃ ማንም ሳያስተካክለው በሥርዓት ወደተደረደረ በረዶ ይለወጣል። ወደዚህ በኋላ እመለሳለሁ።

እኔ የምመክረው ስላይዱን ከመጨረሻው ገጽ ጀምሮ ወደ ኋላ ማንበብን ነው። W ቁጥር ነው፦ ከውጭ ሲታይ አንድ ዓይነት የሚመስል ሁኔታ ውስጥ ውስጡን በስንት የተለያየ መንገድ ሊገኝ እንደሚችል ይናገራል። ቆጠራውን በወረቀት ላይ ለመሥራት እንዲቻል እጅግ ትንሽ የሆነ ምሳሌ እንውሰድ። ሁለት ጠጣር አካላት አሉ፤ ሀ እና ለ እንበላቸው። እያንዳንዳቸው የሚርገበገቡ ሦስት ክፍሎች አሏቸው፣ ኢነርጂውም በሙሉ አሃድ ብቻ ነው የሚተላለፈው። በጠቅላላው 6 አሃድ አለን። q አሃዶችን ለሦስት ክፍሎች ማከፋፈያው መንገድ (q+1)(q+2)/2 ስለሆነ፣ q ከ 0 እስከ 6 ሲሄድ ቁጥሩ 1፣ 3፣ 6፣ 10፣ 15፣ 21፣ 28 ይሆናል።

አሁን ሀ 1 አሃድ፣ ለ ደግሞ 5 አሃድ ይዘው ይነካኩ። ሀ በ3 መንገድ፣ ለ በ21 መንገድ ሊገኙ ስለሚችሉ በጠቅላላው 3 × 21 = 63 መንገድ አለ። አንድ አሃድ ከለ ወደ ሀ ቢያልፍ 6 × 15 = 90 ይሆናል፤ ሌላም ቢጨመር 10 × 10 = 100። በተቃራኒው ሀ የነበረችውን አንዷን አሃድ ለለ ቢሰጥ 1 × 28 = 28 ብቻ ይቀራል። ሁሉም ክፍፍሎች ሲደመሩ 462 መንገዶች አሉ፤ እያንዳንዱ መንገድ እኩል ዕድል አለው። ኢነርጂውን ከሙቁ ወደ ቀዝቃዛው የሚገፋው ልዩ ጉልበት የለም። በዘፈቀደ ሲተላለፍ ብዙ መንገድ ወዳለበት ክፍፍል መድረሱ የቆጠራ ውጤት ነው።

ጥያቄዎ ያለው እዚህ ላይ ነው። ያችው አንድ አሃድ ከለ ስትወጣ የለን ቁጥር ከ21 ወደ 15 ታወርደዋለች፤ ይህም ወደ 0.71 እጥፍ ነው። ሀ ውስጥ ስትገባ ግን ቁጥሩን ከ3 ወደ 6 አድርሳ እጥፍ ታደርገዋለች። እኩል ኢነርጂ ጥቂት ላለው አካል ብዙ፣ ብዙ ላለው አካል ጥቂት ይለውጣል ማለት ነው። 1/T የሚባለው ይኸው ነው፦ አንድ አካል ኢነርጂ ሲጨመርለት የመንገዶቹ ቁጥር ሎጋሪዝም በምን ያህል ፍጥነት እንደሚያድግ ይለካል። ሎጋሪዝሙ የገባው የሁለት አካላት ቁጥሮች ስለሚባዙ፣ ኢንትሮፒዎቻቸው ደግሞ እንዲደመሩ ስለምንፈልግ ነው። ስለዚህ ሙቀቱን በ T ማካፈል «ይህ ኢነርጂ እዚህ አካል ላይ ስንት መንገድ ከፈተ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

በእውነተኛ ቁጥር እንየው። 0 ዲግሪ ላይ ያለ 100 ግራም በረዶ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ክፍል ውስጥ ሲቀልጥ 33,400 ጁል ያህል ይወስዳል። በረዶው የሚያገኘው 33,400/273.15 ሲሆን ወደ 122.3 ጁል በኬልቪን ነው፤ ክፍሉ የሚያጣው ደግሞ 33,400/298.15 ማለትም 112.0 ነው። ጠቅላላው +10.3 ስለሆነ በረዶው ይቀልጣል። ክፍሉን −5 ዲግሪ በሆነ ፍሪዘር እንተካውና 0 ዲግሪ ላይ ያለ ውኃ እናስገባ። ውኃው ሲረጋ 122.3 ያጣል፤ ፍሪዘሩ ግን ያንኑ ሙቀት በ268.15 ኬልቪን ስለሚቀበል 124.6 ያገኛል። ጠቅላላው +2.3 ነው። ውኃው ራሱ በሥርዓት ቢደረደርም ዙሪያው ከዚያ የበለጠ መንገድ አግኝቷል። የሚቆጠረው የሁለቱ ድምር እንጂ የአንዱ መልክ አይደለም።

የማቀዝቀዣ ቴክኒሻን፣ ዱባይ

ይቅርታ፣ እኔ የተማርኩት በሥራ ላይ ነው። ነገሩ ፍሪጅ እንዴት እንደሚሠራ ከሆነ ልርዳዎት። እዚህ የምጠግናቸው ማቀዝቀዣዎች ቀኑን ሙሉ ሙቀትን ከቀዝቃዛው አውጥተው ወደ ሙቁ ይጥላሉ። እንግዲህ ሙቀት ከሙቅ ወደ ቀዝቃዛ ብቻ ይሄዳል የሚለው ሕግ ለእኛ ሥራ አይመለከትም ማለት ነው? ደግሞም ኮንደንሰሩ አቧራ ሲይዝ ኮምፕረሰሩ ያለ ዕረፍት ይሠራል፤ የደንበኛው የመብራት ሒሳብም ይጨምራል። ይህ ከኢንትሮፒ ጋር ይገናኛል?

የፊዚክስ ተመራማሪ

በቀጥታ ይገናኛል። ሕጉ የሚከለክለው ሙቀት ያለ ሌላ ለውጥ ከቀዝቃዛ ወደ ሙቅ እንዲሄድ ነው፤ እርስዎ ግን በኮምፕረሰሩ በኩል ሥራ ይጨምራሉ። −18 ዲግሪ ማለትም 255 ኬልቪን ከሆነ ፍሪዘር 100 ጁል ቢያወጡ፣ ውስጡ 100/255 ማለትም 0.392 ጁል በኬልቪን ያጣል። 35 ዲግሪ ወይም 308 ኬልቪን የሆነው ክፍል ቢያንስ ይህንኑ ማግኘት ስላለበት ወደ 121 ጁል መጣል ግድ ነው። ልዩነቱ 21 ጁል ነው፤ ሕጉ ያለ ድርድር የሚያስከፍለው ዝቅተኛ ዋጋ ይህ ነው።

ይሁንና ሙቀት ያለ ቴምፕሬቸር ልዩነት ስለማያልፍ ኢቫፖሬተሩ ከፍሪዘሩ ይበልጥ መቀዝቀዝ፣ ኮንደንሰሩም ከክፍሉ ይበልጥ መጋል አለበት። አንዱ −28፣ ሌላው 50 ዲግሪ ቢሆኑ ያው ስሌት ወደ 32 ጁል ይወጣል። አቧራ ኮንደንሰሩ ከዚያም በላይ እንዲግል ስለሚያስገድደው ዋጋው ይጨምራል። በካፒላሪ ቱቦው ውስጥና በኮምፕረሰሩ ውስጥ የሚባክነው ከዚህ ውጭ ነው።

የሜካኒካል ተማሪ (ጠያቂው)

ወደ ኋላ ማንበቡ ረድቶኛል። አንድ ነገር ግን አሁንም አስቸግሮኛል። ከልምምድ ጥያቄዎቹ አንዱ እንዲህ ይላል፦ ሙቀት በማያስገባ ታንክ ውስጥ በግማሹ ጋዝ አለ፣ ግማሹ ባዶ ነው፤ መከፈያው ይነሳል። Q ዜሮ ነው፣ መልሱ ግን ለአንድ ሞል R ln 2 ማለትም 5.76 ጁል በኬልቪን ነው ይላል። ሙቀት ካልገባ የምናካፍለው ምኑን ነው?

የፊዚክስ ተመራማሪ

ይህ ጥያቄ የመካከለኛውን ገጽ ይከፍተዋል። መጀመሪያ ይቁጠሩ፦ እያንዳንዱ ሞለኪውል የሚሆንበት ቦታ እጥፍ ስለሆነ፣ ለ N ሞለኪውሎች W በ 2^N ተባዛ፤ k N ln 2 ደግሞ ለአንድ ሞል R ln 2 ነው። ሙቀት አላስፈለገንም።

በ δQ_rev ላይ ያለችው ትንሽ rev የምትለው «እውነተኛውን መንገድ ትተህ፣ ከዚያው መነሻ ወደዚያው መድረሻ በዝግታና ሚዛን በጠበቀ መንገድ ውሰደው» ነው። ጋዙን በፒስተን ቀስ ብለን፣ ቴምፕሬቸሩን ሳንለውጥ ብናሰፋው RT ln 2 ሙቀት ከውጭ ይገባል፤ በ T ሲካፈል ያው R ln 2 ይሆናል። በእውነተኛው ሂደት ግን ከውጭ የገባ የለም፤ ጭማሪው በሙሉ ታንኩ ውስጥ ነው የተፈጠረው። የክላውዚየስ ≤ ምልክት ይህንኑ ይናገራል፦ ከውጭ የገባው δQ/T ከኢንትሮፒው ለውጥ ሊያንስ ይችላል፣ ሊበልጥ ግን አይችልም። ተማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት የእውነተኛውን ሂደት Q ወስደው በ T ሲያካፍሉ ነው። ያገኙት መልስ ዜሮ ከሆነና ሂደቱ ግን ወደ ኋላ የማይመለስ ከሆነ፣ ስሕተቱ እዚያ ነው።

ጥርጣሬ አለኝ

ቆጠራው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሕጉን አረጋገጠ ማለት ይከብዳል። በሰጡት ምሳሌ ከ462 መንገዶች 56ቱ ኢነርጂውን በሙሉ በአንድ አካል ላይ ያከማቻሉ፤ ይህ 12 በመቶ ነው። ሌላም አለ፤ ሎሽሚት በ1876 እንዳነሳው፣ የቅንጣቶች የእንቅስቃሴ ሕግ ወደፊትም ወደ ኋላም አንድ ነው። በዚያው ቆጠራ ትናንትም ኢንትሮፒው ከዛሬው ይበልጥ ነበር ብሎ መደምደም ይቻላል እኮ።

የፊዚክስ ተመራማሪ

የመጀመሪያው የመጠን ጉዳይ ነው። በስድስት አሃድ ወደ ኋላ መመለስ የተለመደ ነው። ለበረዶው ግን 10.3ን ለ k ማለትም ለ 1.38 × 10⁻²³ ቢያካፍሉት ወደ 7.5 × 10²³ ይመጣል፤ የመንገዶቹ ቁጥር የተባዛው በ e^(7.5 × 10²³) ነው። ሕጉ ዕድልን እንጂ ፍጹም ክልከላን አይናገርም፤ በዚህ መጠን ግን ልዩነቱን ማንም ሊያየው አይችልም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ትክክል ነው። ቆጠራው የሚያስረዳው ከዝቅተኛ ኢንትሮፒ ከተነሳን ወዴት እንደምንሄድ ነው። መነሻው ለምን ዝቅተኛ እንደነበረ አያስረዳም፤ ብዙዎች ነገሩን ወደ አጽናፈ ዓለሙ ጅማሬ ይወስዱታል፣ ክርክሩ ግን አልተቋጨም። ለፈተናዎ አያስፈልግም።

የኬሚስትሪ መምህርት

የፍሪዘሩን ስሌት ተቀብያለሁ፤ «ከነዙሪያው» የሚለውን ከአሁን በኋላ እጨምራለሁ። ዝብርቅርቅነት የሚለውን ቃል ግን ለመተው አልቸኩልም፤ ቆጠራ ላልተማሩ ልጆች 462 መንገድ ብል ከማስረዳት ይልቅ ማስፈራት ይሆንብኛል። ሀ እና ለን በሁለት ክፍልና በሦስት አሃድ ብቻ ብሠራው የ1/T ነገር ይታያል ወይስ ይጠፋል?

የሜካኒካል ተማሪ (ጠያቂው)

አሁን ሞከርኩት፣ መምህርት። ለሁለት ክፍሎች የመንገዱ ቁጥር q+1 ስለሆነ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ይመጣል። ቀዝቃዛው ከ0 ወደ 1 ሲሄድ ቁጥሩ እጥፍ ይሆናል፣ ሙቁ ከ3 ወደ 2 ሲወርድ 0.75 እጥፍ ይሆናል፤ ጠቅላላው ከ4 ወደ 6 ያድጋል። ከዚያ በኋላ ግን 2 × 3 እና 3 × 2 እኩል ስለሆኑ ኢነርጂው ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። አራት አሃድ ቢሆን መካከሉ 3 × 3 = 9 ስለሚሆን ለሰሌዳ የተሻለ ይመስለኛል።