«ድርና ማግ» ወይስ «ውል»? ለመጀመሪያ አልበም ርዕስ

ባለማሲንቆው
ሰላም ለሁላችሁ። አምስት ሆነን የምንጫወትበት ባንድ አለን፤ ከሕዝብ ዘፈን ቃና እየቀዳን የራሳችንን ግጥምና ዜማ እንሠራለን። የመጀመሪያ አልበማችን ቀረጻው አልቆ የቀረው ርዕሱ ብቻ ነው። ከበሮ መቺያችን «ድርና ማግ» ካልሆነ ብሎ ድርቅ ብሏል። እኔ ቃሉን እወደዋለሁ፣ ግን ልቤ አልተቀበለውም፤ ለምን እንደሆነም ማስረዳት አቃተኝ።

ዘጠኝ ዘፈን ነው። አንዱ ስትፈትል ያደረች አያት፣ አንዱ ቃል ገብቶ የቀረ ሰው፣ አንዱ መንገድ ላይ የጠፋ ደብዳቤ፣ ሁለቱ የመለያየት፣ አንዱ የእርቅ፣ አንዱ የሥራ ዘፈን፣ አንዱ እሽሩሩ፣ የመጨረሻው ያለ ግጥም በማሲንቆና በዋሽንት ብቻ። «ድርና ማግ» በትክክል ምን ይላል? ከእነዚህስ ጋር ይሄዳል?

ፊርማዬ
ወንድሜ፣ ርዕሱ ይደርሳል። መጀመሪያ ውል ተዋዋሉ። ግጥሙ የማን፣ ዜማው የማን፣ የባንዱስ ስም አንዱ ቢወጣ ከማን ጋር ይቀራል? ይህን ሳትጽፉ አልበም ማውጣት የኋላ ኋላ ጣጣ ነው። ውል፣ ውል፣ ውል።

ባለማሲንቆው
አመሰግናለሁ፣ እሱ ተጽፎ ተፈርሟል። እዚህ የጠየቅኩት ስለ ቃሉ ነበር።

እንዝርት
እናቴ ስትፈትል እያየሁ ስላደግኩ ይህ ጥያቄ የኔ ነው። ድር የሚባለው ቀድሞ በቁመት የሚዘረጋው ክር ነው፤ ማግ ደግሞ በመወርወሪያ እየተወረወረ በድሩ መሃል በአግድም የሚገባው ነው። ሁለት ሰዎች «ድርና ማግ ሆኑ» ሲባል አንዱ ከሌላው ተላልፎ አንድ ጨርቅ ሆነዋል፣ አይለያዩም ማለት ነው። አባባሉ ስለ ተሠራ ጨርቅ ነው የሚያወራው።

አሁን ዘፈኖችህን ተመልከታቸው። ቃል ያጠፈ፣ የጠፋ ደብዳቤ፣ ሁለት መለያየት። ከዘጠኙ አራቱ ክሩ የተበጠሰባቸው ናቸው። ልብህ አልቀበል ያለው ለዚህ ይመስለኛል፤ ሽፋኑ «ተሸምኗል» ይላል፣ ውስጡ ገና ክሩን ይፈልጋል።

ሰምና ወርቅ
እኔ እንኳ አልስማማም። ርዕሱ ተቃራኒውን ቢናገር ሰምና ወርቅ ይሆናል፤ ሰሙ አንድነት፣ ወርቁ መለያየት። እንዲያውም ጥሩ ነው።

ጨረፍታ
የራሴን ላውጋችሁ። እኛም ከዓመታት በፊት ርዕስ አጥተን «ናፍቆት» አልነው። ሁሉም ዘፈን ውስጥ ናፍቆት ነበራ! ችግሩ እሱ ሆነ፤ ለማንኛውም ዘፈን ስለሚሆን የኛን ዘፈኖች ከሌላው ሰው ዘፈን የሚለይ ነገር አልነበረውም። ሰው ባንዱን ያስታውሳል፣ አንድ ሁለት ዘፈን ያስታውሳል፣ የአልበሙን ስም ግን እስከ ዛሬ «ያ የናንተ… ትዝታ ነበር?» ይለናል።

ፊደል ቆጣሪ
ጨረፍታ ያለው ትልቅ ነገር ነው። የስሜት ስም (ናፍቆት፣ ፍቅር፣ ተስፋ) ዘፈኖቹን አያስርም፣ ይሸፍናቸዋል እንጂ። የሚያስረው በግጥሞቹ ውስጥ ደጋግሞ ብቅ የሚል የሚጨበጥ ነገር ነው። ለወዳጆቼ የምሰጠው ሥራ አለኝ፦ ስምንቱን ግጥም አንጥፈህ ስሞቹን ብቻ አስምርባቸው፤ ክር፣ ደጃፍ፣ ወንዝ፣ ምንም ይሁን። በሦስት ዘፈንና ከዚያ በላይ የተመላለሰውን ለይተህ ጻፍ። ከዚያ እያንዳንዱን ዘፈን ከዕጩው ርዕስ ጋር በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር አገናኘው። ለማገናኘት ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር ካስፈለገህ ያ ዘፈን አልተያያዘም። አንድ ዘፈን ቢያፈነግጥ ምንም አይደል፤ ሦስት ካፈነገጡ ርዕሱ የሌላ አልበም ነው።

ሰምና ወርቅ፣ አንተ ያልከውን በከፊል ልቀበልህ። ርዕስ ሁለት ነገር ሊናገር ይችላል፣ ግን ሁለቱም ትርጉም ከቃሉ ውስጥ መውጣት አለባቸው። «ድርና ማግ» ውስጥ መለያየት የለም፤ ያንን የምትጨምረው አንተ ነህ። እሱ ወርቅ ሳይሆን ማብራሪያ ነው።

ባለማሲንቆው
ጋሼ ፊደል ቆጣሪ፣ እንዳሉኝ ሠራሁት። «ክር» ወይም «ፈትል» በአራት ግጥም ውስጥ አለ፣ እኔ ራሴ አላስተዋልኩትም ነበር። «ቃል» (የተገባው ቃል ማለቴ ነው) በሦስት። «ሌሊት» በአምስት፣ እሱ ግን የሰነፍነቴ ምልክት ነው፤ ቤት ለመድፋት የከተትኩት። ታዲያ ክርና የተገባ ቃልን የሚይዝ አንድ ስም ከየት ይምጣ?

እንዝርት
ፊርማዬ ሦስት ጊዜ ጽፎልህ አለፍከው እኮ! ውል!

ልቃቂት ላይ ያለውን ፈትል ለመተርተር የምትይዘው ጫፍ «ውል» ይባላል። ልቃቂቱ ከተወሳሰበ «ውሉ ጠፋ» ይባላል። ነገሩ ሲደበላለቅብን «ውሉ ጠፋብኝ» የምንለው፣ ዝብርቅርቅ ያለውንም ወሬ «ውል የለውም» የምንለው ከዚያ ነው።

ፊርማዬ
እኔ ስለ ወረቀቱ ነበር ያወራሁት። ግን ይሁን፣ ድርሻዬን አስቡልኝ።

ፊደል ቆጣሪ
እንዝርት፣ እጅሽ ይባረክ። ልጨምርበት። ሰው «ውል» ሲባል ቀድሞ የሚያስበው የተፈረመውን ወረቀት ነው፤ በአፋችን ግን ውል ይታሰራል፣ ውል ይፈርሳል፣ ሰው ውሉን ይስታል። «ታሰረ» የምንለው ስለ ክር እንደምናወራ ነው። ሦስተኛም አለ፦ የናፈቅነው ነገር ድንገት በሐሳብ ሽው ሲልብን «ውል አለኝ»፣ ሲመላለስብን ደግሞ «ውል ውል ይለኛል» እንላለን። ስለዚህ አንድ ቃል ውስጥ የክር ጫፍ፣ የተገባ ቃልና ድንገት የመጣ ትዝታ አሉ። ለባለማሲንቆው ዘፈኖች የተሰፋ ነው የሚመስለው።

ሰምና ወርቅ
ሦስቱም ሥራቸው አንድ ነው። «ዋለ» ከሚለው ነው የመጡት። ሁለት ሰዎች አብረው ውለው ተስማሙ፣ ስለዚህ «ተዋዋሉ»። «ውለታ»ም ከዚያው ነው።

ፊደል ቆጣሪ
«ውለታ ዋለ» ስለምንል ውለታን ከ«ዋለ» ጋር ማያያዝህ ያስኬዳል። «ተዋዋለ»ን ግን «አብሮ ከመዋል» ማምጣት ለጆሮ ስለጣመ ብቻ ነው የሚመስለው። ስለ ትዝታው «ውል» ደግሞ እኔ ከሌሎቹ ጋር አንድ ነው ብዬ አልፈርምም። እንደ «ዝም አለ»፣ «ቁጭ አለ» ያለ ቃል ነው፤ እንዲህ ያሉት ከ«አለ» ወይም ከ«አደረገ» ዓይነት ግሥ ጋር ካልሆነ አይቆሙም። በጆሮ ስለገጠሙ ለዘፋኝ ይበቃሉ፤ ለመዝገበ ቃላት አይበቁም።

እንዝርት
እናቴ ግን የትዝታውን «ውል» ከክሩ አትለየውም ነበር። «ጫፉ መጣልኝ» ማለት ነው ትላለች። ስህተት ናት ልበላት?

ፊደል ቆጣሪ
አትበያት። ተናጋሪ እንደዚያ ከሰማው ያ ራሱ የቃሉ ሕይወት ነው።

ባለማሲንቆው
እየሞከርኩት ነው። አያቲቱ፦ የፈትሉን ጫፍ በእጇ ይዛ ታድራለች። ቃል ያጠፈው፦ ውል አፈረሰ። ደብዳቤው፦ የነገሩ ውል የጠፋው ከእሱ ጋር ነው። እርቁ፦ ውሉ እንደገና ታሰረ። ሁለቱ መለያየቶች፦ ትቶት የሄደው ሰው ውል ይለዋል። የሥራ ዘፈኑ አብሮ የመሥራት ስምምነት ነው፣ ትንሽ ተጎተተ ግን ያዘ። ያለ ግጥም ያለው ደግሞ የአያቲቱን ዜማ መነሻ ብቻ ነው የሚደጋግመው፤ ጫፉን ማለት ነው። እሽሩሩው አልገባ አለ። ምን ላርግ?

ጨረፍታ
አውጣው። እኛ ያልገባውን አንድ ዘፈን አስቀርተን በኋላ ለብቻው አወጣነው።

እንዝርት
ተው፣ አታውጣው! ሕፃኑን የምታስተኛው ማን ናት? አያቲቱ ከሆነች ከመጀመሪያው ዘፈን ቀጥሎ አስቀምጠው፤ ክሩ ከእጇ ሳይወጣ ሕፃኑን ታባብላለች።

ባለማሲንቆው
እናትየው ናት። ግን «አያትሽ» የሚል ስንኝ አለው። አስብበታለሁ።

ሌላ ጥያቄ፦ «ውል» ብቻ ይሁን ወይስ «ውል አለኝ»?

ፊደል ቆጣሪ
«ውል» ብቻውን ከሆነ ፊርማዬ ያሰበውን ነው ሁሉም የሚያስበው፤ የወረቀቱ ትርጉም ሌሎቹን ይውጣቸዋል። «ውል አለኝ» ግን ድንቅ ነገር ይሠራል። ጮክ ብለህ ሁለት ጊዜ አንብበው። «ውል» ላልቶ የ«አለኝ» ለ ሲጠብቅ፦ የታሰርኩበት ቃል አለብኝ፣ ስምምነት አለኝ። የ«ውል» ል ጠብቆ የ«አለኝ» ለ ሲላላ፦ ድንገት ትዝ አለኝ። ፊደሉ አንድ ነው፤ መጥበቁና መላላቱ ብቻ ቦታ ይለዋወጣሉ። ሰምና ወርቅ፣ የፈለግከው ይኸው፤ ግን ይህ ኅብር ነው፣ ቃሉ ራሱ ለሁለት ይከፈላልና።

ሰምና ወርቅ
እሺ፣ ተሸነፍኩ። ታዲያ አንባቢ በየትኛው እንደሚያነብ በምን ያውቃል? ሐዲስ ዓለማየሁ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» የሚጠብቁት ፊደላት ላይ ነጥብ ያደርጉ ነበር። ሽፋኑ ላይ ነጥብ ይደረግ!

ፊደል ቆጣሪ
ነጥቡ ከተደረገ አንዱ ትርጉም ይሞታል። እዚህ ላይ የፊደላችን ጉድለት ሀብት ነው፣ አትንኩት።

ጨረፍታ
የረሳችሁት ነገር አለ። ዘፈን ማሰራጫዎቹ ላይ ርዕሱ በላቲንም መጻፉ አይቀርም፤ ያኔ መምረጥ ግድ ነው። የስምምነቱ Wul Allegn ይሆናል፣ የትዝታው ደግሞ Will Alegn፤ ሁለተኛውን ያየ ሰው የፈረንጅ ስም ነው የሚመስለው።

ባለማሲንቆው
Wul Alegn ብንለውስ? ምንም ፊደል ሳይደገም።

ጨረፍታ
ያስኬዳል። ግን በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት አድርጋችሁ ጻፉት፤ የኛ በሦስት ዓይነት ተጽፎ ፈላጊው አንዱን እንጂ ሌላውን አያገኝም ነበር።

ባለማሲንቆው
ትናንት ልምምድ ላይ ርዕሱን በወረቀት ጽፌ ምንም ሳልናገር አንድ በአንድ አስነበብኳቸው። ሁለቱ የስምምነቱን አነበቡ፣ ድምፃዊቷ የትዝታውን። ከበሮ መቺው ወረቀቱን ትንሽ አየት አድርጎ «የትኛውን ነው?» አለኝ። ስለ «ድርና ማግ» ግን ገና ተስፋ አልቆረጠም፤ የሥራ ዘፈኑ ስም ይሁንልኝ እያለ ነው።

እንዝርት
ስጡት። የሥራ ዘፈን እኮ ሲሸመን ነው የሚያምረው።