ጥቆማ፦ የ«ከአቅም በላይ ኃይል» አንቀጽ የት ይረቀቅ? ፎርም ወይስ ጠበቃ?

ጠያቂ፣ ኮምቦልቻ፦ ደሴ ላለ ሆቴል 600 አንሶላ፣ በወር 200፣ በ3 ዙር ለማስረከብ ልዋዋል ነው። አንዱ 1,000 ብር፤ 30 በመቶ ቅድሚያ እቀበላለሁ። ሐረጎ ላይ መንገድ ቢዘጋ ወይም ጦርነት ቢነሳ እንዳልጠየቅ ምን ይሻለኛል? ከጽሕፈት ቤት ፎርም ወይስ ጠበቃ?

ነጋዴ፣ ደሴ፦ ገንዘብህን አታባክን፣ ፎርሙ ይበቃል። ፍትሐ ብሔር ሕጉ ጦርነትንም ጎርፍንም ጽፎታል። የክር ዋጋ ቢንርም ነፃ ትወጣለህ።

ጠበቃ፣ ደሴ፦ ጦርነትና ጎርፍ ላይ ልክ ነዎት፤ አንቀጽ 1793 ይዘረዝራቸዋል። የዋጋው ግን ተቃራኒው ነው። በ1794 የጥሬ ዕቃ ዋጋ መናርና የሥራ ማቆም አድማ፣ በግልጽ ካልተስማማችሁ በቀር ከአቅም በላይ ኃይል አይባሉም። ዋጋን ለብቻው በዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ ጻፉት።

ፎርሞቹ ብዙ ጊዜ «ችግር ሲያጋጥም ተነጋግረው ይፈታሉ» ብለው ያልፋሉ። ቀን የለውም፣ ውጤት የለውም። የእኔ ጥቆማ፦ ውሉ ጽሕፈት ቤት ይተየብ፣ ይህን አንቀጽ ብቻ ለጠበቃ አሳዩ።

ዝርዝሩ ላይ የመንገድ መዘጋትን፣ የመሬት መንሸራተትን፣ ከ7 ተከታታይ ቀን በላይ የመብራት መቋረጥን ስም ጠርታችሁ ጻፉ። ሰው የሚሳሳተው ግን ማስታወቂያው ላይ ነው። «በ5 ቀን ውስጥ በጽሑፍ፤ ምን እንደደረሰ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ የትኛው ዙር እንደሚዘገይ» ይባል። ስልክና መንገድ አብረው ከተቋረጡ 5 ቀኑ ግንኙነቱ ከተመለሰበት ቀን ይቆጠር፤ ያለዚያ ማሳወቅ ያልቻለ ሰው መብቱን አጣ ሊባል ነው። ዘግይቶ ያሳወቀም ለዘገየባቸው ቀናት ብቻ ይጠየቅ።

ባለሱቅ፣ ፒያሳ፦ የኔስ የሱቅ ኪራይ? ገበያ ቀዝቅዟል፣ ይህን አንቀጽ ላስገባ?

ጠበቃ፣ ደሴ፦ አብሽር፣ ግን ገበያ መቀዝቀዝ በዚህ አይያዝም። ከአከራይዎ ጋር የኪራይ ቅነሳ ይደራደሩ።

ጠያቂ፣ ኮምቦልቻ፦ መንገዱ ለወራት ቢዘጋስ?

ጠበቃ፣ ደሴ፦ እስከ 60 ቀን ውሉ ይታገድ፤ ቅጣት አይቆጠር። ከዚያ ካለፈ ማንኛችሁም በ10 ቀን የጽሑፍ ማስታወቂያ ማፍረስ ትችላላችሁ። ሒሳቡንም አሁኑኑ ጻፉ፦ ቅድሚያው 180,000 ብር ነው። ከየዙሩ 60,000 የሚቀነስ ከሆነ፣ አንድ ዙር አስረክበህ ውሉ ቢፈርስ 120,000 ትመልሳለህ። የተሰፋና ያልተጫነ አንሶላ ካለህ ሆቴሉ ይረከበው ወይስ አንተ ጋር ይቅር የሚለው ካልተጻፈ ክርክሩ እዚያ ይጀምራል።

ሌላ ጠበቃ፣ ኮምቦልቻ፦ አንድ ነገር ልጨምር። ሕጉ አስቀድሞ ሊገመት የሚችልን ነገር አይቀበልም። በ2014 ጦርነት እዚህ ከገባ በኋላ «ይህማ የሚጠበቅ ነበር» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። ስለዚህ «ተዋዋዮች ቢገምቱትም እንኳ» የሚል ሐረግ ይግባ።

ጠበቃ፣ ደሴ፦ ሐረጉን እደግፋለሁ። ዳኛ ሁሉ ይቀበለዋል ብዬ ግን አልምልም።